«እኛ ሠራነው» አይበቃም፦ ከዲግሪ እስከ ካናዳ የመሐንዲስነት ፈቃድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ልጅ በምህንድስና ሲመረቅ ስሙ የሚቀየረው በዚያው ቀን ነው። ጋዎኑን ሳያወልቅ ጎረቤት «ኢንጂነር» ይለዋል። የምረቃው ጠላ ሳያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ይለምደዋል። እኔም ከባሕር ዳር ተመርቄ ስመለስ እናቴ «ኢንጂነሩ መጣ!» እያለች ነበር በሩን የከፈተችልኝ።

ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ስገባ ያ ስም በሕግ የተጠበቀ መሆኑን አወቅኩ። እዚያ ዲግሪ ያለው ሰው የምህንድስና ምሩቅ ይባላል። ፈቃድ ሳይኖረው ራሱን ፕሮፌሽናል ኢንጂነር ብሎ ቢያስተዋውቅ በሕግ ይጠየቃል። በቢዝነስ ካርድ ላይም ቢሆን ያው ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ መንግሥት መሥሪያ ቤትም አይደለም። በሕግ ሥልጣን የተሰጠው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ 12 ማኅበራት አሉ። የኦንታሪዮው ፕሮፌሽናል ኢንጂነርስ ኦንታሪዮ ይባላል፣ የተቋቋመውም በ1922 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን የምጽፈው ለአክስቴ ልጅ ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ነው ያለችው፣ ሲቪል መሐንዲስ ናት፣ አምስት ዓመት ሳይት ላይ ኖራለች። ባለፈው ደውላ «ጋሼ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ልምድ አለኝ፣ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። የቀራት ልምዱ ሳይሆን የልምዱ አጻጻፍ ነው። ብዙ የአገሬ ልጆች የሚንገዳገዱትም እዚሁ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ደጆች ቶሎ እንለፍ። አንደኛ ትምህርት ነው። ዲግሪው በካናዳ የእውቅና ቦርድ ካልተመዘነ፣ የእኛም አልተመዘነም፣ ማኅበሩ ትራንስክሪፕቱን ይመረምራል፤ ተጨማሪ የቴክኒክ ፈተናም ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛ 48 ወር የምህንድስና ልምድ። ሦስተኛ የሕግና የሥነ ምግባር ፈተና። አራተኛ መልካም ጠባይ፣ ማለትም የሚያሳፍር የወንጀል ወይም የዲሲፕሊን ታሪክ አለመኖር። ድሮ ከልምዱ ቢያንስ አንድ ዓመቱ ካናዳ ውስጥ መሆን ነበረበት። ኦንታሪዮ ይህን በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. አነሳችው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ዳገት ወጥታ ወንዝ ተሻግራ የሠራችው ሥራ ሙሉ በሙሉ ሊቆጠርላት ይችላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ፈቃድ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለም። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ኃላፊነቱን ከወሰደ ምሩቁ በእሱ ሥር ሆኖ የምህንድስና ሥራ መሥራት ይችላል። የማይችለው በራሱ ስም ማኅተም መምታት ነው። ይህን ባለማወቅ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የተሸከመ ጓደኛ አለኝ።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን አስተርጉማ ላከችልኝ። «ከመስከረም 1 ቀን 2011 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 በሳይት መሐንዲስነት አገልግለዋል» ይላል። ዲግሪዋ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ጁላይ 2018 ይላል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሐምሌ 2010 ተመርቃ መስከረም 2011 ሥራ ጀመረች። ቶሮንቶ ተቀምጦ ወረቀቷን የሚያይ ሰው ግን የሚያነበው ሌላ ነው። ሳትመረቅ ሰባት ዓመት ቀድማ መሐንዲስ ሆናለች! ተርጓሚው ቃሉን ተረጎመ እንጂ ዘመኑን አልለወጠም። ቀኑ ሴፕቴምበር 2018 ተብሎ መቀየር ነበረበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ፋይልን ግን ለወራት ታቆማለች። የእኔንም አቁማዋለች።

ከዚያ ወር መቁጠር ጀመርን። ደብዳቤው ላይ 60 ወር አለ። «አልፌያለሁ ማለት ነዋ!» አለች። ቆይ አልኳት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የት ነበርሽ? ግዥ ክፍል፣ የሲሚንቶ ፕሮፎርማ ስትሰበስብ። ያ ሥራ ነው፤ ምህንድስና ግን አይደለም። ከዚያ ፕሮጀክቱ ክፍያ ዘግይቶበት ስምንት ወር ቆሟል። ደመወዝ እየበላች የንብረት ቆጠራ ስትሠራ ነበር። እሱም ይወጣል። 60 ሲቀነስ 3 ሲቀነስ 8፣ 49 ወር። በአንድ ወር ተረፈች። ሁለት ወር ተጨማሪ ቢቀነስባት ኖሮ ገና ነበረች።

ምህንድስና የሚባለው ምንድን ነው ታዲያ? መመዘኛው ቀላል ነው። የተማርሽውን ንድፈ ሐሳብ ተጠቅመሽ፣ አስልተሽ ወይም መርምረሽ፣ ውሳኔ ላይ የደረስሽበት ሥራ ነው። የጉልበት ሠራተኛ መቆጣጠር፣ የአሸዋ መኪና መቁጠር፣ የሥራ መጠን የሚመዘገብበትን ቴክ ኦፍ ሼት መሙላት ብቻውን አይሞላውም። አምስት ዓመት ሙሉ መኪና የቆጠረ ሰው 60 ወር የሥራ ልምድ እንጂ 60 ወር የምህንድስና ልምድ የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን። ማኅበሩ «ስንት ዓመት ሠራሽ?» ብሎ ብቻ አይተውም። 34 ብቃቶች ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ በሰባት ክፍል የተከፈሉ ናቸው። አሥሩ ቴክኒካዊ ናቸው፦ ስታንዳርድ መጠቀም፣ አደጋን አስቀድሞ መለየት፣ የስሌትን ውጤት ማረጋገጥ፣ ወዘተ። የቀሩት ሐሳብን ማስረዳት፣ ፕሮጀክትና ገንዘብ መምራት፣ ከቡድን ጋር መሥራት፣ የሙያ ተጠያቂነት፣ የኅብረተሰብና የአካባቢ ጉዳይ፣ ራስን ማሳደግ ናቸው። ለእያንዳንዱ ብቃት ከራስሽ ሥራ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ትጽፊያለሽ። ሁኔታው ምን ነበር፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ። ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 0 ማለት ነገሩን አላየሽውም ነው። 2 አካባቢ ሰው አጠገብሽ ቆሞ እያየሽ ትሠሪያለሽ ማለት ነው። 3 ማለት የተለያየ ሥራ በጥቂት ክትትል መወጣት ትችያለሽ ነው። የሚፈለገውም እዚያ አካባቢ ነው።

የስሌትን ውጤት ማረጋገጥ በሚለው ሥር፣ ከመንገድ ሥር ውሃ ስለሚያሳልፈው ግንባታ፣ ስለ ከልቨርት፣ መጀመሪያ የጻፈችው ይህ ነበር፦ «በመንገዱ ፕሮጀክት ላይ የከልቨርት ዲዛይኖችን ገምግመናል፤ አስፈላጊውን ማሻሻያም አድርገናል።»

አንብቤ ሳቅኩ፤ ምክንያቱም የእኔም የመጀመሪያ ጽሑፍ ቃል በቃል እንዲህ ነበር። እኛ አካባቢ «እኔ ሠራሁት» የሚል ሰው አይወደድም። ጎጃም ውስጥ ስታርስ ብትውል ማታ «አርሰን ዋልን» ነው የምትለው። ትሕትናው መልካም ነው፤ ገምጋሚው ግን «እኛ» ውስጥ አንቺን መፈለግ አይችልም። አምስት ሰው ከገመገመ አንቺ ካልኩሌተሩን ነው የያዝሽው ወይስ ጃንጥላውን?

«እስቲ ንገሪኝ» አልኳት፣ «አንድ ከልቨርት ብቻ።» ነገረችኝ። ታሪኩ ሲወጣ ደግሞ ምን የመሰለ ምህንድስና ነበር!

ዲዛይኑ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ የኮንክሪት ቱቦ ተቀምጧል። የውሃ መሰብሰቢያው ስፋት 15 ሄክታር፣ የሚመጣው ጎርፍ 1 ሜትር ኩብ በሰከንድ ተብሎ ተሰልቷል። ቁፋሮ ሊጀመር ሲል ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ነው ለነሐሴ ያዘጋጃችሁለት?» አሏት። ከዚያ በዱላቸው አንድ ትልቅ ድንጋይ አሳዩዋት። ድንጋዩ ላይ ከመሬት ወገቧ ድረስ የደረቀ ጭቃና ገለባ ተለጥፏል። ያለፈው ክረምት የውሃ ምልክት ነው።

በማግሥቱ ጂፒኤስ ይዛ ሸንተረሩን በእግሯ ዞረችው። ካርታው ላይ ውሃው ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል የሚባልበት ቦታ ላይ ገበሬዎቹ ማሳቸውን ለማዳን ረጅም ቦይ ቆፍረዋል። ቦዩ የላይኛውን ተዳፋት ውሃ በሙሉ ጠልፎ ወደ እሷ ከልቨርት ያመጣዋል። የመሰብሰቢያው ስፋት 15 ሳይሆን 45 ሄክታር ሆነ። ለትንንሽ ተፋሰስ በሚያገለግለው ቀመር እንደገና አሰላችው፦

```
Q = C × i × A / 360
Q = 0.5 × 80 × 45 / 360 = 5 m³/s
```

ሲ የሚባለው ከዘነበው ውሃ ምን ያህሉ እንደሚፈስ ነው። የታረሰ ጥቁር አፈር ስለሆነ ግማሹን ወሰደች። አይ የዝናቡ ኃይል ነው፣ 80 ሚሊ ሜትር በሰዓት። ኤ በሄክታር ስፋቱ ነው። ወጣ 5 ሜትር ኩብ በሰከንድ፤ ከተጻፈው አምስት እጥፍ። የ90ው ቱቦ የአፉ ስፋት 0.64 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው 2 ሜትር በሰከንድ ቢሮጥ የሚያሳልፈው 1.3 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 2 በ1.5 ሜትር የሆነ ሳጥን ከልቨርት ሐሳብ አቀረበች። አፉ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚያው ፍጥነት 6 ያሳልፋል። ስሌቷን በሌላ መንገድም ፈተነችው፦ ድንጋዩ ላይ ካለው የውሃ ምልክትና ከጅረቱ ስፋት ተነስታ የባለፈውን ጎርፍ ገመተች፤ ከ4 በላይ መጣ። ሁለቱ መንገዶች ተቀራረቡ።

ወረቀቱን ሳይት ላይ ግንባታውን ለሚቆጣጠረው ሬዚደንት ኢንጂነር ሰጠች። እሱ የዝናቡን ቁጥር ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት፣ መግቢያው ላይ የድንጋይ ንጣፍ እንድትጨምር አዘዛት፣ ከዚያ ፈረመ። ሣጥኑ ተሠራ። በቀጣዩ ክረምት መንገዱ ላይ ውሃ አልወጣም።

«ይኼን ሁሉ ሠርተሽ ነው ‹ማሻሻያ አድርገናል› ያልሽው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ጉራ እንዳይመስል ብዬ ነው እንጂ» አለች።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ የሚወድቁ አሉ። «ሁሉንም እኔ ብቻዬን ዲዛይን አደረግሁ፣ አጸደቅሁ፣ አሠራሁ» ብለው ይጽፋሉ። ገምጋሚው ይህን ሲያይ የሚጠይቀው «ማን አየልህ?» ብሎ ነው። ክትትል የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይህ ነው። አለቃ መኖሩ አይበቃም፤ ሥራሽን የሚረዳ መሐንዲስ ስሌትሽን አይቶ፣ ጠይቆ፣ አርሞ ኃላፊነቱን መውሰዱ መታየት አለበት። ሬዚደንት ኢንጂነሩ የድንጋይ ንጣፍ ጨምሪ ማለቱን ከጽሑፉ አታውጪው አልኳት። መታረሟ አያሳፍራትም፤ እንዲያውም ክትትል እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው።

የጻፍሽውን ደግሞ ሌላ ሰው ማረጋገጥ አለበት። አረጋጋጭ ይባላል። ሥራውን በዓይኑ ያየ፣ ቢቻል ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መሆን አለበት። ውጭ አገር ለተሠራ ሥራ የዚያው አገር መሐንዲስ የሚታይበት መንገድ አለ። ማኅበሩ ለአረጋጋጩ በኢሜይል ሊንክ ይልክለታል። እሱ ገብቶ ምሳሌሽን ያነባል፣ እውነት ነው ወይም አይደለም ይላል፣ የራሱን ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ የማኅበሩ ገምጋሚዎች የራሳቸውን ይሰጣሉ። የአጎትሽ ልጅ መሐንዲስ ስለሆነ ብቻ አረጋጋጭ አይሆንም፤ ያን ከልቨርት አላየውማ።

ሥራው የሚሰናከለውም ብዙ ጊዜ በዚህ በኢሜይል ነው። የፕሮጀክቱ ቢሮ ሲዘጋ የቢሮው ኢሜይል አብሮ ይዘጋል። እኔ የአንድ አለቃዬን አድራሻ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ «ፋይልህ በእርጥበት ተበላሽቷል» ብሎ መልሶኛል። የአክስቴ ልጅ ሬዚደንት ኢንጂነር አሁንም ሳይት ላይ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ሊንኩ ደርሶት ሳይከፍተው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙ ከመላኩ በፊት ስልክ ደውላ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይመጣልሃል፣ አጥፍተህ እንዳትጥለው» ብላ እንድትነግረው አደረግሁ። አጭበርባሪ ኢሜይል መስሎት የሚሰርዝ ስንት ሰው አለ። ደግሞ የስሌቱን ቅጂ፣ የተፈረመውን ወረቀት፣ የድንጋዩን ፎቶ ከስልኳ ወደ ሌላ ቦታ አስቀምጣለች። ከፕሮጀክት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት ክሊራንስ ሳይሆን የአለቃውን የግል ኢሜይል ነው ባይ ነኝ።

ፈተናው ይቀራል። በአብዛኛው ካናዳ አንድ ነው፤ 110 የምርጫ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለአንድ ጥያቄ 80 ሰከንድ ገደማ ነው። ብዙ ሰው «የሥነ ምግባር ፈተና» ብሎ ስለሚጠራው «ደግ ሰው ነኝ፣ አልፋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ንጹሕ ሥነ ምግባር ከጥያቄው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሕግ ነው፦ ውል መቼ ይጸናል፣ ቸልተኝነት የሚባለው ምን ሲሟላ ነው፣ የፈጠራ ባለቤትነት የማን ነው። የቀረው የሙያ አሠራርና የዲሲፕሊን ሥርዓት ነው። ካልኩለስ የለበትም። እኛ የቁጥር ሰዎች የምንሸነፈው ደግሞ ለዚህ ነው።

የሥነ ምግባሩን ጥያቄ ምን እንደሚመስል በራሴ ምሳሌ ላሳይ። አብሮ አደግ ጓደኛህ ድራፍትማን ነው። የአንድ ፎቅ ቤት ሥዕል ሠርቶ ያመጣና «ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ጠይቆኛል፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ማኅተምህን ብቻ ምታልኝ» ይልሃል። አራት ምርጫ አለ። ጓደኛህ ስለሆነ በነፃ ምታለት። ገንዘብ አስከፍለህ ምታ። በራስህ ስሌት እንደገና መርምረህ፣ ያረምከውን አርመህ፣ ኃላፊነቱን ወስደህ ምታ፤ ካልቻልክ ተወው። ወይም ለፖሊስ ጠቁመው። መልሱ ሦስተኛው ነው። ማኅተም ማለት «ይህን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፣ ቢፈርስ እኔን ጠይቁኝ» ማለት ነው። ከየት አገር እንደመጣን ስለማውቅ እውነቱን ልናገር፦ ወረቀት ላይ መልሱ ቀላል ነው። አብሮህ ቆሎ የበላ ሰው ፊትህ ቆሞ ሲለምንህ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሌላው ደጋግሞ የሚመጣ ወጥመድ ቅደም ተከተል ነው። አለቃህ አደገኛ ነገር እያየ «ዝም በል» አለህ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? «ሥራ እለቃለሁ» እና «ለጋዜጠኛ እነግራለሁ» የሚሉት ጀግንነት ይመስላሉ፤ ስህተት ናቸው። መጀመሪያ አደጋውን ለአለቃህ በጽሑፍ ታሳውቃለህ፣ ምክርህ ባይሰማ ምን እንደሚመጣ ጭምር። ካልሰማ ወደ በላዩ። እሱም ካልሰማ ወደሚመለከተው ባለሥልጣን ወይም ወደ ማኅበሩ። የሕዝብ ደኅንነት ከአሠሪም ከደንበኛም ይቀድማል፤ ግን በሥርዓት ነው የሚሄደው።

እኔ ፈተናውን የወሰድኩት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ካሜራ እያየኝ ነው። ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት። የቡና ስኒ እንኳን አንሳ ተባልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ ቡና ለጎጃሜ ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ ልተወው።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን ከ34ቱ 19ኙን ጽፋለች። ትናንት አዲሱን የከልቨርት ጽሑፍ ላከችልኝ። «ሸንተረሩን በጂፒኤስ ዞርኩ» ይላል። «አሰላሁ» ይላል። «ሬዚደንት ኢንጂነሩ የዝናቡን መረጃ ምንጭ ጠይቆ የመግቢያ ንጣፍ እንድጨምር አዘዘኝ» ይላል። ሽማግሌውንም አልረሳቻቸውም። ሐሳብን በማስረዳትና የአካባቢውን ሰው በማዳመጥ ሥር ለሌላ ብቃት ምሳሌ አድርጋቸዋለች። መጨረሻው ላይ ግን «ውጤቱም ጥሩ ሆነልን» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አመለጣት። ቀይ አድርጌ መለስኩላት።